አኒሜሽን ወደ ሌላ ሪግ ስታዛውሩ ክንድ የሚያጣምሙ ስህተቶች

አኒሜሽኑን ከአንዱ ካራክተር ወደ ሌላው አዛወራችሁ፣ ፕሌይ አላችሁ። እግሩ ጥሩ ይራመዳል። እጁ ግን መዘርጋት ባለበት ቦታ ሁሉ ታጥፎ ይቀራል። ብዙ ሰው ወዲያው ክርኑን ይዞ ማሽከርከር ይጀምራል፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

መንስኤውን ሳይለዩ መጠገን

ክንድ የሚታጠፍበት ዋና ምክንያት ሁለት ነው፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። ለመለየት ክንድ የሚዘረጋባቸውን ሁለት ሦስት ክሊፖች እዩ። ትርፍ እጥፋቱ በሁሉም ክሊፕ፣ በሁሉም ፍሬም እኩል ከሆነ ችግሩ መነሻ ፖዝ ላይ ነው። እጁ በራቀና በቀረበ ቁጥር እጥፋቱ ከተለዋወጠ ደግሞ አይኬውን፣ ማለትም እጁ ኢላማው ላይ እንዲደርስ ክርኑን ራሱ የሚያጥፈውን ስሌት፣ ጠርጥሩ።

የሁለቱን ሪጎች መነሻ ፖዝ አለማመሳሰል

ሪታርጌት በመሠረቱ የሚያዛውረው አጥንቱ የደረሰበትን ቦታ ሳይሆን ከመነሻ ፖዙ ምን ያህል እንደዞረ ነው። ምንጩ ክርኑ ቀጥ ያለ ቲ-ፖዝ ላይ ነው እንበል፣ ተቀባዩ ደግሞ ገና ሲሠራ ክርኑ 20 ዲግሪ ታጥፏል። ምንጩ ክንዱን ሲዘረጋ የክርኑ ዙረት 0 ነው፤ ተቀባዩም 0 ይጨምርና እዚያው 20 ላይ ይቆያል። ምንጩ 90 ሲያጥፍ ተቀባዩ 110 ይገባል። ምንጩ እጁን ወደ ጎን የዘረጋ ቲ-ፖዝ፣ ተቀባዩ እጁን ሰያፍ ወደ ታች ያወረደ ኤ-ፖዝ ሲሆን ደግሞ ስህተቱ ወደ ትከሻ ይሄዳል፤ እጁን ወደ ታች ሲያወርድ ክንዱ ጎኑ ውስጥ ይሰምጣል።

ዩኒቲ ላይ ከሆናችሁ የሞዴሉን `Rig` ክፈቱ፣ `Configure` ግቡ፣ `Pose` ከሚለው ሜኑ `Enforce T-Pose` ምረጡና `Apply` በሉ። ይህን ለተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ለምንጩም አድርጉት፣ አንዱን ብቻ አስተካክሎ መገረም የተለመደ ነው። አንሪል ላይ የተቀባዩን የሪታርጌት ፖዝ በ`IK Retargeter` ውስጥ አዙራችሁ ከምንጩ ጋር ታገጥማላችሁ።

ፖዙን ስትፈትሹ ከፊት ብቻ አትዩ። ቲ-ፖዝ ላይ ክርን የሚታጠፈው ወደ ፊት ስለሆነ ከፊት ሲታይ ቀጥ ያለ ይመስላል፣ ከላይ ሲታይ ግን ወዲያው ይታወቃል። ደግሞ ሞዴሉ ላይ ያለችውን ትንሽ እጥፋት ከነጭራሹ አታጥፏት፤ ሪጉን የሠራው ሰው ሆን ብሎ የተዋት ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም አይኬ ክርኑ ወደየት እንደሚታጠፍ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከሷ ነው። የምታቀኑት የሪታርጌት ፖዙን ነው።

የአጥንት ርዝመትንም አብሮ መገልበጥ

ይሄ ክንድ አያጥፍም፣ ይጎትታል። አጭር ካራክተር በድንገት ረጅም ክንድ ካወጣ የምንጩ የአጥንት ቦታ አብሮ መጥቷል ማለት ነው። ከዳሌና ከሩት በቀር ሁሉም አጥንት ዙረት ብቻ ይውሰድ። የዳሌው እንቅስቃሴ በእግሮቹ ርዝመት ሬሾ ይባዛ፤ የምንጩ ዳሌ 100 ሴንቲ ከፍታ ላይ፣ የተቀባዩ 80 ላይ ከሆነ በ0.8 መሆኑ ነው። ያለዚያ እግሩ ይንሸራተታል ወይም አየር ላይ ይንሳፈፋል።

የእጅ አይኬን ሁሌ አብርቶ መተው

የምንጩ ክንድ 57 ሴንቲ ነው እንበል፣ የተቀባዩ 60፣ ማለትም 30 ከክርን በላይ፣ 30 ከክርን በታች። ምንጩ ክንዱን ሙሉ ሲዘረጋ የአይኬው ኢላማ ከትከሻ 57 ሴንቲ ላይ ያርፋል። 60 ሴንቲ ክንድ 57 ውስጥ እንዲገባ ክርኑ የግድ መታጠፍ አለበት። ስንት? ሒሳቡን ሥሩት፤ ወደ 36 ዲግሪ ይሆናል። ሦስት ሴንቲ ብቻ! የምንጩ ክንድ 50 ቢሆንማ 67 ዲግሪ ይደርሳል። ተቀባዩ በተቃራኒው አጭር ክንድ ካለው ክርኑ ድርቅ ብሎ ይቀጥና ኢላማው ሲመለስ ብድግ ይላል።

ስለዚህ ለመራመድ፣ ለመሮጥና እጅ ለማወዛወዝ የእጅ አይኬውን አጥፉት፣ ዙረቱ ብቻ ይበቃል። ካልሆነ የኢላማውን ርቀት በክንዶቹ ሬሾ አባዙት፤ 57 በ60/57 ሲባዛ 60 ይመጣል፣ ክርኑም ይቀናል።

ይሄ ግን ለማጨብጨብ አይሠራም። ትከሻው ሰፊ የሆነ ካራክተር በዙረት ብቻ ቢያጨበጭብ መዳፎቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ፣ ጠባቡ ደግሞ አንዱን እጅ በሌላው ውስጥ ያሳልፋል። እንዲህ ላለው፣ በር ለመክፈትም ሆነ መሣሪያ በሁለት እጅ ለመያዝ፣ አይኬውን ንክኪው ላለባቸው ፍሬሞች ብቻ አብሩ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ጥቂት ፍሬም ወስዶ ቀስ ብሎ ይግባ፣ ይውጣ። ኢላማውን ከምንጩ የእጅ ቦታ አትውሰዱት። ከሌላኛው መዳፍ ወይም ከበሩ እጀታ ጋር እሰሩት። ክርኑ ወደ ውስጥ ከተገለበጠ የክርኑን አቅጣጫ የሚወስነውን የፖል ኢላማ ከክርኑ ጀርባ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት።