ካፖርቱ ወፍራም ነው፣ ብርዱ ግን አልለቀቀም

የእህቴ ልጅ በታኅሣሥ ካናዳ ካለችው ከዊኒፔግ ከተማ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ ያለኝን ገንዘብ ካፖርት ገዛሁበት፤ አሁንም እየተንቀጠቀጥኩ ነው» አለችኝ። እኔ ካናዳ ብዙ ዓመት ኖሬ ወደ ጎንደር የተመለስኩ ስለሆነ፣ ከዚህ የሚሄድ ዘመድ ሁሉ ስለ ልብስ የሚጠይቀው እኔን ነው። የእሷን ጥያቄ ከብዙዎች ሰምቼዋለሁ።

መጀመሪያ የጠየቅኋት መቼ እንደሚበርዳት ነው። ምክንያቱ የሚታወቀው ከዚያ ነው።

ሲራመዱ ሞቆ፣ ሲቆሙ የሚበርድ ከሆነ

እሷን ያገኛት ይሄ ነው። አውቶቡስ እንዳያመልጣት 15 ደቂቃ ፈጠን ብላ ትሄዳለች፤ እስክትደርስ ይሞቃታል። ፌርማታው ላይ ትንሽ እንደቆመች ግን ጀርባዋ ቀዝቃዛ ውሃ የፈሰሰበት ይመስላታል። «ከካፖርቱ ሥር ምን ለብሰሻል?» አልኳት። ከዚህ ይዛው የሄደችው የጥጥ ካኒተራ፣ በላዩም የጥጥ ሹራብ።

ጥፋቱ የካፖርቱ አይደለም፣ የላቡ ነው። ጥጥ ላብን ይጠጣል፣ ቶሎ ግን አይደርቅም። ጋቢን አስቡት፦ አራት ድርብ ነው፤ የሚያሞቀንም በድርቡ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው። ይህ ግን እስከደረቀ ድረስ ነው። ጥር 11 በማለዳ በፋሲለደስ መዋኛ ዳር ቆሞ ጠበሉ ጋቢውን ያራሰው ሰው፣ ያ ልብስ ወዲያው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ያውቃል። ካፖርት ውስጥም በላብ የራሰ ካኒተራ እንደዚያው ነው።

መፍትሄው ቆዳ የሚነካውን ልብስ መለወጥ ነው። ሰውነት ላይ ልክክ የሚል፣ ስስ፣ ከፖሊስተር ወይም ሜሪኖ ከሚባለው ለስላሳ የበግ ሱፍ የተሠራ ይሁን። አንገቱ ወይም ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አብዛኛው ኮተን ከሆነ ተዉት። በላዩ ፍሊስ የሚባለው ለስላሳና ቀላል ሹራብ ወይም የሱፍ ሹራብ፣ ከዚያ ካፖርቱ። ስትራመዱ ሙቀት ከተሰማችሁ ላብ ሳይመጣ ዚፑን ወደ ታች ሳብ አድርጉት፤ አውቶቡስ ውስጥ ስትገቡም ወዲያው ክፈቱት፣ ኮፍያውንም አውልቁ። እዚያ ቤቱም መኪናውም በጣም ይሞቃል፤ ብዙ ሰው የሚያልበው እዚያ ተቀምጦ ነው።

ልጅቷ ካፖርቷን አልቀየረችም። ሁለት የውስጥ ልብስ ከነታይቱ፣ አንድ ፍሊስ ገዛች። በሳምንቱ ስትደውል ፌርማታው ላይ ቆማ ነበር፤ ድምጿ አይንቀጠቀጥም።

ገና ከደጅ ሲወጡ የሚበርድ ከሆነ

እዚህ ላይ ካፖርቱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ወይ ነፋስ ያስገባል፣ ወይ ጠቧል።

ነፋስ ቀላል ነገር አይደለም። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከነፈሰ፣ የተገለጠ ፊት የሚሰማው እንደ 26 ከዜሮ በታች ነው። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን አፋችሁ ላይ ለጥፋችሁ እፍ በሉ፤ ትንፋሻችሁ በቀላሉ ወደ ማዶ ካለፈ ነፋሱም ያልፋል። ዚፑ ከኋላው ወይም ከፊቱ የሚሸፍነው ጨርቅ ይኑረው፤ የእጅጌው ጫፍም አንጓ ላይ የሚይዝ ይሁን። ርዝመቱ መቀመጫን ካልሸፈነ ቆሞ አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም።

ጥበትን ደግሞ ብዙ ሰው በመስታወት ፊት ይሳሳትበታል፤ ልክክ ያለው ያምራልና። ላባ የተሞላ ካፖርት የሚያሞቀው ላባው ተነፍቶ አየር ሲይዝ ነው፤ ከውስጥ ሹራብ ሲገፋው ይታመቃል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ወፍራሙን ሹራብ ለብሳችሁ ሄዳችሁ ሞክሩት። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፤ ጀርባው ከወጠረ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ላባ ሲርስ እንደሚተኛም አትርሱ፤ በረዶውና ዝናቡ በሚቀላቀልበት ከተማ ውሃ የማያስገባ ላይኛ ጨርቅ ያስፈልገዋል።

እግር ብቻ የሚበርድ ከሆነ

አብዛኛውን ጊዜ ካልሲ ደርቦ ጠባብ ቦት ጫማ ከማድረግ ነው፤ ደም አይዘዋወርም። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ጣት የሚንቀሳቀስበት ጫማ። ከጂንስ ሥር ታይት ይግባ።

ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ነጥቶ ከደነዘዘ ግን የልብስ ምርጫ ጊዜ አልፏል። ቶሎ ቤት ግቡ፣ አትሹት፣ በእሳትም አታሙቁት። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አኑሩት፤ ስሜቱ ካልተመለሰ ወይም ውሃ ከቋጠረ ሐኪም ጋ ሂዱ።