ለአያት የሚወጣ የቁልምጫ ስም እንዲጸና

ልጅ አያቱን የሚጠራው በነገሩት ስም ሳይሆን ቤት ውስጥ በሚሰማው ነው። እኛ እናታችንን «እማዬ» ስለምንላት የመጀመሪያ ልጄም እሷን «እማዬ» አለ፤ እኔን ደግሞ ልክ እንደ እሷ በስሜ ይጠራኝ ጀመር። «አያቴ በላት» ብንለው አልሆነም። አያት ስለ እሷ ስናወራ የምንለው እንጂ ብዙ ጊዜ የምንጠራበት ቃል አይደለም።

መፍትሔው ትልልቆቹ መለወጣችን ነበር። መጀመሪያ እናቴን ምን መባል እንደምትወድ ጠየቅናት። «እማማ» የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚጠራኝ ነው ብላ «እምዬ»ን መረጠች። ከዚያ ልጁ ባለበት እኔም፣ ወንድሞቼም፣ ሠራተኛዋም «ለእምዬ ውሃ ስጣት»፣ «እምዬ መጣች» ማለት ያዝን። እኔ ስጠራውም እናቴ ራሷ «እማዬ ትጠራሃለች» ትለው ነበር። ሁለት ወር ገደማ ፈጀ። አንዳችን ስንረሳ ወዲያው ወደ ድሮው ይመለስ ነበርና ሁሉም ሰው መስማማት አለበት።

ሁለት ሴት አያቶች ካሉ ስሙን ቀድማችሁ ለዩ፤ ካልሆነ ልጁ በራሱ «የሳሪሷ» እና «የጎንደሯ» ብሎ ይለያቸዋል፣ እሱም ያምራል።

የመጀመሪያው የልጅ ልጅ አፉን ሲፈታ የሚያወላግደውን ስም ግን ቶሎ አታርሙ። አባቴን «አባባ» ማለት አቅቶት «ባባ» አለው፤ ዛሬ አምስቱም የልጅ ልጆች፣ እኛም ጭምር፣ «ባባ» ነው የምንለው።