ካርድ ከቀየራችሁ የ12 ወር የሂሳብ መግለጫ አውጡ

የጠፋ የባንክ ካርድ ሲተካ የሂሳብ ቁጥራችሁ ያው ነው፤ የካርዱ ቁጥርና ከጀርባው ያለው ባለ 3 አሃዝ ኮድ ግን ይለወጣሉ፤ የሚያበቃበት ቀንም ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ስለዚህ በመተግበሪያና በኢንተርኔት ሱቅ አስቀምጣችሁት የነበረው ካርድ በሚቀጥለው ክፍያ ውድቅ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ጅማ፣ ሒርማታ ገበያ አካባቢ ቡና የምትሸጠው እህቴ ካርዷ መስከረም ላይ ጠፍቶ ተተካላት። በየወሩ የምትከፍለውን የፎቶ ማከማቻ ወዲያው አስተካከለች። የድረ ገጿ ስም ግን የሚከፈለው በዓመት አንዴ፣ በጥር ነበር። ማስጠንቀቂያው ወደማትከፍተው አሮጌ ኢሜይል ሄደና አንድ ጠዋት ድረ ገጹ አልከፈት አለ። ስሙ ለሌላ ሰው ሳይሸጥ የደረስንበት በጥቂት ቀናት ነው፤ አሁንም ሳስበው ያስደነግጠኛል።

የአንድ ወር መግለጫ እንዲህ ያለውን ክፍያ አያሳይም። ከባንካችሁ የ12 ወሩን ጠይቁና ሳትገዙ በራሱ የተቆረጠውን ሁሉ አስምሩበት። ከዚያ በእያንዳንዱ መተግበሪያ የክፍያ ገጽ ላይ አዲሱን ካርድ ካስገባችሁ በኋላ ዋናው የመክፈያ ካርድ አድርጉት፤ አሮጌውንም ሰርዙት። አዲሱን መጨመር ብቻ አይበቃም፣ ክፍያው አሮጌውን መሞከሩን ሊቀጥል ይችላል።

አንዳንድ ድርጅቶች አዲሱን ቁጥር በካርድ ኩባንያው በኩል በራሳቸው ያገኛሉ። ስለዚህ የማትፈልጉት አገልግሎት ካለ ካርዱ ስለተዘጋ ቀረ አትበሉ፤ ከራሱ ከአገልግሎቱ ገጽ ገብታችሁ አቋርጡት።