በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ለምለም ሦስት ደቂቃ ለምትናገሩ

ጎንደር ውስጥ በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ልጆች ተቅማጥ ሦስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትም ስለ ክትባትም አታንሱ፤ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የለምለም ዱቄት አዘገጃጀት ብቻውን ጊዜውን ይሞላዋል። ማስታወሻችሁን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ከጻፋችሁ ዓይናችሁ ከወረቀቱ አይነሳም። እንዲህ በትልቁ ጻፉት፦ «1 ሊትር፣ ሙሉ ፓኬት፣ በማንኪያ፣ 24 ሰዓት፣ መቼ ጤና ጣቢያ?»

ግማሹን ጊዜ ለልኬታው ስጡ፣ ስህተቱ የሚበዛው እዚያ ነውና። ሁለት የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጆግ ውስጥ እያዩ ገልብጡ፤ ከዚያ የ1 ሊትሩን ፓኬት ሙሉውን ጨምሩ። ብዙ እናቶች ፓኬቱን በአንድ ብርጭቆ ይበጠብጡታል። ያኔ ጨውና ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡ ሊብስ፣ የልጁ ደም ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ ሊያልፍ ይችላል። ውሃው ሲበዛ ደግሞ የወጣውን ጨው አይተካም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

አሰጣጡን በማንኪያ አሳዩ። ልጁ ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቆ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው፤ ጡትም አይቋረጥም።

መጨረሻ ላይ፦ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለው ወዲያው ጤና ጣቢያ። «ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም «አዎ» ይላል። «እስኪ እትዬ፣ ስንት ሃይላንድ ውሃ ነው?» በሉ።