የቆየ የቤተሰብ ፎቶ ማጥራት፦ ድረ ገጽ ላይ ወይስ ኮምፒውተራችሁ ላይ?

አንድ የቆየ የቤተሰብ ፎቶ አለን። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ የታተመ ፎቶ ነው፤ ስድስት ሰዎች ቆመውበታል። በስልክ የተላከልኝን ቅጂ ፎቶ የሚያጠራ ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጥርት ብሎ መጣ። ለእናቴ ሳሳያት ከኋላ የቆመችውን አያቴን ትኩር ብላ አየችና «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አገጯ ላይ የነበረው ጠባሳ የለም። ገጥሞ የነበረው ከንፈሯ ጥርስ አብቅሏል።

ብዙዎቹ ድረ ገጾች ፊትን ለብቻው ለይቶ የሚሠራ ሞዴል አላቸው። ሞዴሉ የተማረው ከብዙ ሺህ የሌሎች ሰዎች ፊት ነው። ፎቶው ውስጥ በቂ መረጃ ሲያጣ ከዚያ እየቀዳ ይሞላል። ውጤቱ የሚያምር ፊት ነው፣ ግን የአያቴ አይደለም። ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት ነፃ ሶፍትዌሮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምስሉን በጅምላ ነው የሚያጠሩት። ፊቱ ትንሽ ደብዘዝ ሊል ይችላል፤ መልኩ ግን ብዙም አይለወጥም። ፎቶውም ከቤት አይወጣም። ስለዚህ እኔ ከኮምፒውተሩ ነው የምጀምረው።

1. ፎቶውን እንደገና ስካን አድርጉ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ትልቁ ልዩነት ያለው ግን እዚህ ነው። የእኔ የስልክ ቅጂ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ብቻ ነበር። የአያቴ ፊት ወረቀቱ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ የደረሳት 43 ፒክስል ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ማንም ጠባሳ አያወጣም። ያንኑ ፎቶ በ600 ዲፒአይ ስካን ሳደርገው 118 ፒክስል ሆነች፤ ከፊት የቆሙት ደግሞ 236። ስካኑን በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ መልሶ ይጨመቃል።

2. ኮምፒውተሩ ላይ አጥሩት። እኔ የምጠቀመው Upscayl የሚባለውን ነው። ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም ይሠራል። ፎቶውን በ`Select Image` ምረጡና መጠኑን ሁለት እጥፍ ላይ አድርጉት። አራት እጥፍ ካላችሁት ከ600 ዲፒአይ ስካን የሚወጣው ፋይል እጅግ ግዙፍ ይሆናል። ቩልካን (Vulkan) የሚባለውን የግራፊክስ ቴክኖሎጂ የሚደግፍ ግራፊክስ ካርድ ይፈልጋል፤ ከሌላችሁ ወይ አይሠራም፣ ወይ ጥቁር ምስል ያወጣል።

ፎቶው በእርግጥ እንደማይወጣ ማወቅ ከፈለጋችሁ ኢንተርኔቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት። በየትኛውም ሶፍትዌር ይሠራል ይህ ፈተና። ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ አንዳንዱ ፎቶውን ዝም ብሎ ወደ ሰርቨር ይልካል።

3. ድረ ገጽ የግድ ከሆነ አንድ ፊት ብቻ ቁረጡ። ከፊት የቆሙት አምስቱ በሁለተኛው እርምጃ ጠርተውልኛል። የቀረችው አያቴ ናት። ሙሉውን ፎቶ አልጫንኩም፤ ፊቷን ብቻ ቆርጬ ነው። የልጆች ፎቶ ከሆነ ግን እኔ በጭራሽ አልጭንም።

ፎቶውን ያነሳችሁት በስልክ ከሆነ የተነሳበት ቦታ ፋይሉ ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል፤ መቁረጥ ብቻውን ላያጠፋው ይችላል። ExifTool የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከጫናችሁ ተርሚናል ላይ የሚጻፈው ይህ ትእዛዝ የጸዳ ሌላ ቅጂ ያወጣላችኋል፦

```
exiftool -all= -o netsa.jpg fit.jpg
```

ከመጫናችሁ በፊት የድረ ገጹን የግላዊነት ገጽ ክፈቱና `retain`፣ `train` እና `license` የሚሉትን ቃላት ፈልጉ። የመጀመሪያው ፎቶውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆዩት፣ ሁለተኛው ሞዴል ሊያስተምሩበት እንደሆነ፣ ሦስተኛው ምን መብት እንደምትሰጧቸው ወዳለበት ቦታ ይወስዳችኋል። የሚቆይበት ጊዜ በቁጥር ካልተጻፈ እኔ እተወዋለሁ።

4. አዲሱን ፊት ከድሮው ጋር ቀላቅሉ። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እያጎላችሁ እዩ። ጥርስ፣ የዓይን ቅርጽ፣ ጠባሳ፣ ማርያም የሳመችው ምልክት፦ ሞዴሉ የሚዋሸው እነዚህ ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ዓይን ካላቸውም ጠርጥሩ።

ከዚያ ጂምፕ በሚባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ከድረ ገጹ የመጣውን ፊት በ`Open as Layers` ከስካኑ በላይ አድርጉ፣ መጠኑን አስተካክላችሁ በቦታው አስቀምጡትና `Opacity` የሚለውን ቀንሱ። እኔ 30 ላይ አቆምኩት። አፏ አካባቢ ያለውን ደግሞ መጀመሪያ ለአዲሱ ፊት ሌየር `Add Alpha Channel` ብዬ በማጥፊያው ጠራረግኩትና የስካኑ ከንፈር ተመለሰ። ጠባሳዋም ከሥር ብቅ አለ። ፊቷ አሁንም ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው። እናቴ ግን በዚህኛው ጊዜ ማን እንደሆነች አልጠየቀችኝም።