አንዱ ኤርበድ ብቻ ሲሰራ፦ ዝም ያለውን ከጓደኛው ጋር መልሶ ማገናኘት

ገመድ አልባ ኤርበድ በአንድ ጆሮ እየሰራ በሌላው ዝም ሲል ብዙ ሰው ስፒከሩ ተቃጥሏል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። በአብዛኛው ግን የተቃጠለ ነገር የለም፤ ሁለቱ ማዳመጫዎች እርስ በርስ ተጠፋፍተዋል። መፍትሄውም ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ግን ደጋግመው ቢሞክሩትም አይሳካም።

ለምን እንደሚጠፋፉ ለመረዳት ድምፁ በምን መንገድ እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። በብዙዎቹ ኤርበዶች ከስልኩ ጋር የሚገናኘው አንዱ ብቻ ነው። እሱ ዋናው ነው። ሁለተኛው የሚያውቀው ዋናውን ነው፤ ድምፁንም የሚያገኘው በእሱ በኩል ወይም በእሱ እየተመራ ነው። ስለዚህ ያሉት ግንኙነቶች ሁለት ናቸው፦ አንዱ በስልኩና በዋናው መካከል፣ ሌላው በሁለቱ ማዳመጫዎች መካከል። ሁለተኛው ግንኙነት ሲበጠስ ዋናው ምንም እንዳልተፈጠረ ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ መዝፈኑን ይቀጥላል፤ ጓደኛው ደግሞ በርቶም ከማንም ጋር ሳይገናኝ ይቀመጣል። የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ለውጥ የማያመጣው ለዚህ ነው፤ የሚታደሰው ያልተበጠሰው ግንኙነት ነውና።

ግንኙነቱን የሚበጥሱት ነገሮች የታወቁ ናቸው። አንዱ ማዳመጫ ብቻውን ከኬዙ ወጥቶ ለብቻው ከስልክ ጋር ፔር ይደረጋል። ወይም የአንዱ ባትሪ ቀድሞ አልቆ ይጠፋል። ወይም ጣት ሳይታሰብ በአንዱ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ያርፍና እሱ ብቻ ሪሴት ይሆናል። ቀደም ሲል የተገናኘ ላፕቶፕ ወይም ሌላ ስልክ አጠገብ ካለና ብሉቱዙ ክፍት ከሆነ ደግሞ አንዱን ማዳመጫ ቀድሞ ሊወስደው ይችላል።

መጀመሪያ ችግሩን መለየት

ከሁሉ በፊት የስልኩን የድምፅ ሚዛን ይመልከቱ። በሴቲንግ ውስጥ Accessibility ገብተው Balance የሚለውን ይፈልጉ፤ ማንሸራተቻው መሃል ላይ መሆን አለበት። ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ከሆነ ችግሩ እዚያው ያልቃል። ዝምታው ስልክ ሲደወል ብቻ ከሆነ ደግሞ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ አንዳንድ ርካሽ ኤርበዶች የጥሪ ድምፅ የሚያሰሙት በዋናው በኩል ብቻ ነው።

ቀጥሎ የስልኩን ብሉቱዝ ያጥፉና ዝም ያለውን ማዳመጫ ብቻውን ከኬዙ አውጥተው ጆሮዎ ላይ ያድርጉት። መብራቱ ከበራና የመነሻ ድምፁ ከተሰማ ባትሪውም ስፒከሩም ደህና ናቸው፤ የቀረው ማገናኘት ነው። መብራትም ድምፅም ከሌለው ቻርጅ አላገኘም። መብራቱ እየበራ ድምፁ ካልተሰማ ወይም በጣም ካነሰ ወንፊቱ በጆሮ ኩክ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የጎማ ጫፉን አውልቀው ወንፊቱን ወደ መሬት አዙረው በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉት። ወንፊቱ ላይ ፈሳሽ አይንካው፤ ኩኩን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባል። መርፌም አያስገቡ፤ ከወንፊቱ ጀርባ ያለው የስፒከር ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይበሳል።

ቻርጅ ያላገኘው

ኬዙ ውስጥ እያንዳንዱ ማዳመጫ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ግርጌ ትንንሽ የብረት ፒኖች አሉ። ብዙዎቹ ከስር ስፕሪንግ አላቸው፤ ሲጫኗቸው ገባ ብለው ይመለሳሉ። በማዳመጫው ላይ ደግሞ ከእነሱ ጋር የሚገጥሙ የብረት ነጥቦች አሉ። የጆሮ ቅባትና ላብ በነጥቦቹ ላይ ሲደርቅ ብረቱ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ማዳመጫው ኬዙ ውስጥ በትክክል የተቀመጠ ይመስላል፤ ኤሌክትሪክ ግን አያገኝም። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ያደረ ጥንድ ጠዋት አንዱ ሙሉ ሌላው ባዶ ሆኖ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

በአልኮል በትንሹ ያረጠቡት የጆሮ ጥጥ ሁለቱንም ያጸዳል፦ መጀመሪያ የማዳመጫውን ነጥቦች፣ ከዚያ የኬዙን ፒኖች። ጥጡ የሚንጠባጠብ መሆን የለበትም። ሁለት ፒኖችን ጎን ለጎን ሲያዩ አንዱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ስፕሪንጉ ተይዟል ማለት ነው፤ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀስ አድርገው ደጋግመው ይጫኑት። መርፌ ወይም ሌላ ብረት ሁለቱን ፒኖች ሊያገናኝ ስለሚችል አይጠቀሙ። ማዳመጫው አዲስ ከሆነ ደግሞ ነጥቦቹ ላይ በቀላሉ የማይታይ ቀጭን ፕላስቲክ ተለጥፎ እንደሆነ ያረጋግጡ፤ እሱ ካልተላጠ ፈጽሞ ቻርጅ አያደርግም።

ካጸዱ በኋላ መልሰው ሲያስቀምጡት የማዳመጫው መብራት መብራት አለበት። መብራት የሌለው ዓይነት ከሆነ የባትሪውን መጠን ከስልኩ ላይ ያያሉ። ኬዙን ከቻርጀር ጋር አገናኝተው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይተዉት፤ ለረጅም ጊዜ ባዶውን የቆየ ከሆነ አንድ ሰዓት ይስጡት። በደከመ ባትሪ ማገናኘት ጊዜ ማባከን ነው፤ ማዳመጫው መሃል ላይ ይጠፋና ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ሁለቱን መልሶ ማገናኘት

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ቁም ነገር ሁለቱ ማዳመጫዎች እስኪገናኙ ድረስ ስልኩ ከመንገዱ ገለል ማለት አለበት። የስልኩ ብሉቱዝ ክፍት ከሆነ ቀድሞ የሚያውቀውን ማዳመጫ ገና ከኬዙ ሲወጣ ይይዘዋል፤ ስልክ የያዘው ማዳመጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጓደኛውን መፈለግ ያቆማል።

አንድ የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። ኬዙ ላይ ቁልፍ የለም፤ ማዳመጫዎቹ በንክኪ የሚሰሩ ናቸው። ከኬዙ ሲወጡ ሁለቱም ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ስልኩ ላይም አንድ ዓይነት ስም ሁለት ጊዜ ተጽፎ ይታያል፣ አንዳንዴ መጨረሻው ላይ L እና R ተጨምሮበት። ይህ ምልክት አያሳስትም፦ እያንዳንዱ ማዳመጫ ራሱን እንደ ብቸኛ እየቆጠረ ስልክ እየጠበቀ ነው። ሁለቱንም ስሞች ተራ በተራ መንካት አይረዳም፤ መለያየታቸውን ያጸናዋል እንጂ።

በመጀመሪያ በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ሁለቱንም ስሞች Forget ወይም Unpair በሚለው ያጥፏቸው። አንዱን ብቻ አጥፍቶ ሌላውን መተው ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። ከዚህ በፊት የተገናኙበት ላፕቶፕ፣ ታብሌት ወይም ቴሌቪዥን ካለም እንዲሁ ያድርጉ፤ ካልሆነም ብሉቱዛቸውን ይዝጉ። ከዚያ የስልኩን ብሉቱዝ ያጥፉ።

ቀጥሎ ሁለቱንም ማዳመጫዎች ከኬዙ አውጥተው መንኪያቸውን ተጭነው በመያዝ ያጥፏቸው። ሁለቱም ከጠፉ በኋላ እንደገና፣ አሁን በሁለት እጅ በአንድ ጊዜ፣ ተጭነው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ያቆዩ። መጀመሪያ ይበራሉ፤ በዚህ አይልቀቁ። መብራቱ ቀለም እስኪቀይር ወይም በፍጥነት ደጋግሞ ብልጭ እስኪል ይጠብቁ፤ ሪሴት መሆናቸውን የሚነግርዎት እሱ ነው። አንዳንድ ሞዴሎች በመጫን ፈንታ ተከታታይ መታ መታ ማድረግን ይጠይቃሉ። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከመገመት አብሮ የመጣውን ወረቀት ማየት ይሻላል።

ከዚያ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ መልሰው ክዳኑን ይዝጉና 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ። አሁን ሁለቱን በአንድ ጊዜ ያውጧቸውና ጎን ለጎን አስቀምጠው መብራቶቹን ይመልከቱ። ለጥቂት ሰከንዶች ሁለቱም ብልጭ ይላሉ፤ ከዚያ የአንዱ መብራት ይጠፋል ወይም ቀስ ብሎ ብልጭ ማለት ይጀምራል፣ ሌላው ግን ቀይና ሰማያዊውን ይቀጥላል። ተገናኙ ማለት ነው። ጆሮዎ ላይ ካደረጓቸው አንዳንዶቹ በአንዱ በኩል «ሌፍት ቻናል»፣ በሌላው «ራይት ቻናል» ይላሉ። ሁለቱም ማፈራረቃቸውን ከቀጠሉ ስልኩን አይክፈቱ፤ ሪሴቱን ይድገሙ።

የስልኩን ብሉቱዝ የሚከፍቱት ይህን ምልክት ካዩ በኋላ ብቻ ነው። አሁን ዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ ይመጣል፤ እሱን ይንኩና ድምፁን ይሞክሩ።

ኬዙ ላይ ቁልፍ ያላቸው ይቀላሉ፤ ቁልፍ ያለውን መምረጥ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው። ከኋላ ቁልፍ ያላቸውን የኤርፖድ ሞዴሎች ብንወስድ ማዳመጫዎቹን ኬዙ ውስጥ አድርገው ክዳኑን ለ30 ሰከንድ ይዘጉታል፤ ከዚያ ይከፍቱና ከስልኩ ላይ ያጠፏቸዋል። ክዳኑ እንደተከፈተ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲይዙ መብራቱ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል። ብርቱካናማውን አይተው ከለቀቁ ሪሴቱ አላለቀም። የራሳቸው አፕ ያላቸው ሞዴሎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሪሴቱ አፑ ውስጥ ይገኛል።

ከዚህ በኋላም ዝም ካለ

ከተገናኙ በኋላ ሁልጊዜ ያው አንዱ ማዳመጫ ቀድሞ የሚጠፋ ከሆነ ነጥቦቹንና ፒኖቹን እንደገና ያጽዱ። ነጥቦቹ ንጹህ ሆነው፣ ሙሉ ቻርጅ ካገኘ በኋላም በፍጥነት ካለቀ ባትሪው ደክሟል፤ እንደገና ማገናኘት አያድነውም። ወንፊቱ ንጹህ ሆኖ፣ ለብቻው ከስልኩ ጋር ተገናኝቶም ድምፅ የማያወጣ ከሆነ ደግሞ የሞተው ስፒከሩ ነው።

አንዱን ብቻ ለመተካት ካሰቡ በመልክ የሚመሳሰል አይበቃም። ሞዴሉና ትውልዱ አንድ መሆን አለበት፤ በብዙዎቹም የውስጥ ሶፍትዌሩ ካልተመሳሰለ ሁለቱ አይተዋወቁም፣ ሪሴቱ በትክክል ቢደረግም ሁለቱም ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቁ ይቀራሉ። ተተኪውን ከመግዛትዎ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ከማዳመጫው ግንድ ወይም ከኬዙ ክዳን ውስጥ አንብበው ያመሳክሩ።