ከሐዋሳ ወጥቶ ድንኳን ውስጥ ማደር፦ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያበላሹ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ድንኳን ውስጥ አድረው የተማረሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወቅሱት ድንኳኑን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤት ሳይወጣ፣ ቦታውና ወሩ ሲመረጥ ነው።

ችግር፦ ብርዱ እንቅልፍ ነሳን

ብርዱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ፣ እንደተኛችሁ እጃችሁን ከወገባችሁ ሥር ስደዱ። ፍራሹ ቀዝቅዞ ላያችሁ ሙቀት ካለው ብርዱ የገባው ከመሬት ነው። ብርድ ልብስም ሆነ የመኝታ ከረጢት የሚያሞቀው ውስጡ በያዘው አየር ስለሆነ፣ ስንተኛበት ያ አየር ተጨፍልቆ ይወጣል። ከላይ ሁለተኛ ጋቢ መደረብ ይህን አይፈታውም። መፍትሄው ከሥር ነው፦ መጀመሪያ ካርቶን ወይም ሰሌን፣ በላዩ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስፖንጅ። በአየር የሚነፋ ተራ ፍራሽ ይመቻል እንጂ አያሞቅም፤ ውስጡ ያለው አየር ስለሚንቀሳቀስ ቅዝቃዜውን ወደ ላይ ያመጣዋል። እሱ ካላችሁ ስፖንጁን ወይም ብርድ ልብሱን በላዩ አንጥፉ።

ከሥርም ከላይም እኩል ከበረዳችሁ ግን ነገሩ የከፍታ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር፣ የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ ደግሞ ወደ 3,100 ሜትር ላይ ናቸው። ልዩነቱ 9 ዲግሪ ነው። ሐዋሳ ላይ ንጋቱ 12 ዲግሪ ሲሆን ዲንሾ 3 ይሆናል፤ ሰማዩ ከጠራ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ነው፦ «በጋ ነው፣ አይበርድም» ይላል። ደጋ ላይ ግን መራሩ ሌሊት የበጋው ነው፤ ቀን የተሰበሰበውን ሙቀት የሚይዝ ደመና የለማ። የመኝታ ከረጢት ስትገዙም መለያው ላይ ካሉት ቁጥሮች «ኮምፎርት» የሚለውን እመኑ። «ኤክስትሪም» የሚለው ተኝተው የሚያድሩበትን ሳይሆን ከሞት የሚተርፉበትን ልክ ነው የሚናገረው።

ችግር፦ ሳይዘንብ ድንኳኑ ረጠበ

ጠብታው ጣሪያው ላይ እኩል ተበትኖ ከታየ የራሳችሁ እስትንፋስ ነው። በአንድ ስፌት ወይም በወለሉ ማዕዘን ብቻ ከሆነ ግን ውሃ ከውጭ ሰርጓል። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ መዝጋት ሳይሆን መክፈት ነው፤ መስኮቶቹን በሁለቱም በኩል ክፈቱ፣ ወንፊቱ ግን ለወባ ትንኝ ተዘግቶ ይቆይ። የላይኛው ሸራም ውስጠኛውን እንዳይነካ ወጥሩት። ከሐይቁ ዳር ራቅ፣ ከጎድጓዳ ቦታም ከፍ ብሎ መትከል ጤዛውን ይቀንሳል። ጉማሬም ሌሊት ሣር ለመጋጥ የሚወጣው በዚያው ዳርቻ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ክፍት ሜዳ ላይ መትከልን ለጀማሪ አንመክርም።

ችግር፦ ካስማው ተነቅሎ ድንኳኑ ወደቀ

አሸዋ ቀጭን ካስማ አይዝም። አራት ማዳበሪያ ከረጢቶች በአሸዋ ሙሉ፣ ገመዱን ወገባቸው ላይ እሰሩ፣ ከዚያ ክንድ ያህል ጥልቀት ቆፍራችሁ ቅበሯቸው። የድንኳኑን ጠባብ ጎን ወደ ነፋሱ አዙሩት።

ታዲያ የት፣ መቼ፣ ምን ያህል ምቾት?

ሁለት ልጆች ያሏቸው ባልና ሚስት ቅዳሜ ከሐዋሳ ተነስተው አንድ ሌሊት ሊያድሩ ነው እንበል። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እየተመላለሰ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ይሻላቸዋል። ቦታው በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ በኩል ላንጋኖ፣ ያውም ድንኳን የሚያስተክል ሎጅ ግቢ ውስጥ ይሁን፤ ሽንት ቤት፣ ጥበቃና አጥር አለ። ሲደውሉ «ድንኳን ይዘን ብንመጣ የምንተክልበት ቦታ አለ? ማታ ውሃ አለ?» ብለው ይጠይቁ። «የአራት ሰው» የሚባል ድንኳን አራት ሰው ብቻ ይይዛል፣ ሻንጣው መኪና ውስጥ ያድራል። ለመጠጥና ለምግብ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን አንድ ይበቃል። ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ይድረሱ፤ በባትሪ ብርሃን የተተከለ ድንኳን ጠዋት የሚገኘው ድንጋይ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዲንሾ ያምራቸው ይሆናል። ይህን ከመወሰናቸው በፊት ላንጋኖ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስንት ልብስ ደርበው እንደነበር ያስታውሱ። የያዙትን ሁሉ ከደረቡ፣ በዚያው ዕቃ ዲንሾ ድንኳን ውስጥ አያድሩ፤ ቀን ኒያላውን አይተው ማታ ክፍል ይያዙ።